1,450,000 ብር የተባለው ቪትዝ በወር ስንት ይበላል?

እህቴ የደወለችልኝ ኅዳር 2018 አንድ ቅዳሜ ማታ ነው። «ጋሼ፣ መኪና ልንገዛ ነው» አለችኝ። ደስታዋ ከድምጿ ይሰማል። ቪትዝ ነው፣ በፈረንጆች 2003 ሞዴል፣ የተጠራው ዋጋ 1,450,000 ብር። ደላላው ሰኞ ቀብድ ካልሰጣችሁ ሌላ ገዢ አለ ብሏቸዋል። «ነገ ከቅዳሴ መልስ እመጣለሁ፤ እስከዚያ ለማንም ምንም እንዳትሰጡ» አልኳት።

እኔ የምተዳደረው በሂሳብ ሥራ ነው። ደብረ ማርቆስ ላይ የነጋዴ መዝገብ ስይዝ ብዙ ዓመት ሆነኝ። መኪና ገዝተው በዓመቱ ሱቃቸው ባዶ የሆነባቸው ሰዎች መዝገብ በእጄ አልፏል። የአንዳቸውም መኪና ሲገዛ ውድ አልነበረም። መኪናውን የገዙበትን ብር እንጂ መኪናው በየወሩ የሚጠይቃቸውን ብር አልቆጠሩም ነበር። የእህቴን ቤት ስሌት እዚህ ከነቁጥሩ የማሰፍረው ለዚህ ነው። ቁጥሮቹ የእነሱ ናቸው፣ በዚያ ሰሞን በተጠየቁት ዋጋ የተሠሩ ናቸው። አንባቢ የራሱን ቁጥር በቦታቸው ሊያስገባ ይችላል።

እህቴ የብርድ ልብስ፣ የመጋረጃና የአልጋ ልብስ ሱቅ አላት። ባለቤቷ የግብርና ባለሙያ ነው። ሁለት ልጆች አሏቸው። ከግቢያቸው ኋላ ሁለት ክፍል ያከራያሉ። እናታችን ደምበጫ ናት፤ ጉልበቷ አላራምድ ስላላት በየወሩ ለክትትል ወደ ደብረ ማርቆስ ሐኪም ቤት ትመጣለች። የመኪናው ሐሳብ የተነሣው ከእሷ ነው። ባለፈው ክረምት በሚኒባስ ስትመጣ መሐል ወንበር ላይ ተጣብቃ፣ እግሯን መዘርጋት አቅቷት፣ ስትወርድ ሁለት ሰው ይዟት ነበር። እህቴ ያንን ቀን አልረሳችውም። እኔም አልረሳሁትም።

እሑድ ስደርስ ባለቤቷ ስሌቱን በወረቀት ሠርቶ ጠበቀኝ። «ይዩት፣ ጋሼ፤ ያዋጣል» አለኝ። ወረቀቱ እንዲህ ይላል። የተጠራቀመ 900,000 ብር አለ። የጎደለውን 550,000 ከመሥሪያ ቤቱ ቁጠባና ብድር ማኅበር በ15 በመቶ ወለድ፣ በ4 ዓመት የሚከፈል ይበደራሉ። የወር ክፍያው 15,300 ብር ገደማ ነው። የእሱ ደሞዝ ተቆራርጦ 18,000 እጁ ይገባል። ሱቁ 32,000 ያተርፋል፣ ኪራዩ 5,000 ነው። ከቤት ወጪ የሚተርፈው ላይ ለባጃጅና ለሚኒባስ የሚያወጡት 5,600 ሲታከልበት 25,000 ብር ይሆናል። ከዚያ ላይ የብድሩ ክፍያ ሲነሣ 9,700 ይቀራል። «ለነዳጅ ይበቃል» አለ።

በሒሳቡ ላይ የመደመር ስህተት የለም። ስህተቱ ያለው ከመደመሩ በፊት ነው።

የመጀመሪያው የሱቁ 32,000 ነው። እህቴን ደብተሯን እንድታመጣ ጠየቅኳት። የ12 ወሩን ትርፍ አንድ በአንድ ጻፍን። ጥር ላይ ሠርግ ስላለ ብርድ ልብስና መጋረጃ ይሸጣል፤ ያኔ ከ40,000 ያልፋል። ግንቦትም ጥሩ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ግን ገበሬው እጁ ላይ ብር የለም፣ ገና እህሉ አልደረሰም፤ ሱቁ ያተረፈው በየወሩ 11,000 ብቻ ነው። አማካዩ 24,000 ሆነ። እህቴ ደብተሩን ወደ ራሷ ስባ ቁጥሩን ሁለት ጊዜ ደመረችው። ሰው ስለ ገቢው ሲጠየቅ የሚመጣለት ጥሩው ወር ነው፤ ይህ እሷ ላይ ብቻ የሚደርስ አይደለም። የመኪና ወጪ ግን ነሐሴ ላይም ያው ነው።

ስለዚህ እውነተኛው የቤቱ ገቢ 47,000 ነው። ከመጓጓዣ ውጭ ያለው ወጪ፣ አስቤዛውም፣ የልጆች ትምህርት ቤቱም፣ ለእናታችን የሚላከውም፣ እድሩም፣ 4,000 ብር ዕቁቡም ተደምሮ 30,000 ነው። ለመጓጓዣ 5,600 ይወጣል። ንጹሕ የሚተርፋቸው 11,400 ብር ነው።

መኪና ሲገዛ 5,600ው ሙሉ በሙሉ ይቀራል ብለው ነበር። እዚህም ላይ ቆም አልን። ባለቤቷ መስክ ሲወጣ መኪናውን ይዞ ከሄደ እሷ ያው ባጃጅ ትይዛለች። መኪናው ጋራዥ ሲገባም እንደዚሁ። 4,000 ይቀራል ብለን ተስማማን። ለመኪና በወር ሊወጣ የሚችለው ጠቅላላ ብር ታዲያ 15,400 ነው። ብድርም ነዳጅም ኢንሹራንስም ጥገናም የሚከፈለው ከዚች ነው።

እኔ ሁልጊዜ የምሠራው ከዚህ ወደ ኋላ ነው። መጀመሪያ ቤቱ በወር ምን ያህል እንደሚችል። ቀጥሎ መኪናው ቆሞም ሄዶም በወር ምን እንደሚበላ። ከዚያ የተረፈ ካለ ምን ያህል ዕዳ እንደሚከፍል። የመኪናው ዋጋ መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው። ደላላ ደግሞ ሥራው ስለሆነ ከዋጋው ይጀምራል።

ነዳጅ

ሻጩ «በሊትር 20 ይሄዳል» ብሏል። ለሽያጭ የቀረበ ቪትዝ ሁሉ 20 ይሄዳል ይባላል። ይህን መለካት ይቻላል፣ ቀላልም ነው። ጎረቤቴ ያው ዓይነት ቪትዝ ስላለው ለአንድ ሳምንት እንዲለካልን ለመንኩት። አብሬው ማደያ ሄድኩ። ቀጂው አፍንጫውን ከቶ መጀመሪያ ቀጭ ሲል እንዲያቆም ነገርነው፤ «ትንሽ ልጨምር» ሲል እምቢ አልን። የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን ጻፍን። ጎረቤቴ እንደ ወትሮው ልጆች አደረሰ፣ ገበያ ሄደ፣ አንድ ቀን አማኑኤል ከተማ ደርሶ ተመለሰ። በሳምንቱ እዚያው ማደያ፣ እዚያው ፓምፕ ላይ፣ ያው ቀጭ እስኪል ሞላ። ከቴሌብር ደረሰኙ ላይ 15.6 ሊትር ይላል። የሄደው 212 ኪሎ ሜትር ነው። በሊትር 13.6 ኪሎ ሜትር።

ከ20 ወደ 13.6 የወረደበት ምክንያት ግልጽ ነው። ደብረ ማርቆስ ውስጥ ጉዞው አጭር ነው። ሞተሩ ሳይሞቅ ይቆማል፤ ቀዝቃዛ ሞተር ደግሞ ብዙ ይጠጣል። ከተማዋ ደጋ ናት፣ ጠዋት ብርዱ ከባድ ነው። መንገዱ ዳገትና ኮብልስቶን ነው፣ በየመቶ ሜትሩ ባጃጅና በግ አለ። 20 ሊሄድ የሚችለው አስፋልት ላይ በአንድ ማርሽ ቀጥ ብሎ ሲሄድ ነው።

ከዚያ ርቀቱን ቆጠርን። በቀን ከቤት ትምህርት ቤት፣ ቢሮ፣ ሱቅ፣ ምሳና ማታ 14 ኪሎ ሜትር ይሆናል። በወር 360 ያህል። ደምበጫ ደርሶ መልስ 100 ገደማ ነው፤ በወር ሁለቴ 200። ድምሩ 560። በ13.6 ሲካፈል 41 ሊትር። ያን ሰሞን ለስሌት ሊትሩን 130 ብር ያዝነው፤ 5,330 ሆነ። ግን ማደያ ነዳጅ ሲጠፋ በሃይላንድ ከሚሸጠው መግዛት የማይቀር ነው። ከአራት ሊትር አንዱን በ200 እንገዛለን ብለን አሰብን። ወደ 6,100 ብር አጠጋነው። በሃይላንድ የሚገዛ ነዳጅ ዋጋው ብቻ አይደለም ችግሩ። ውኃ ወይም ናፍጣ የተቀላቀለበት ከሆነ ሞተሩ ይንቀጠቀጣል፣ ከዚያ ካንዴላውም ፓምፑም ይከተላል።

ባለቤቷ «አዲስ አበባ ዕቃ ለማምጣትም እንሄድበታለን» ብሎ ነበር። በየሁለት ወሩ አንዴ መርካቶ ትወርዳለች። ይህን ለብቻው አወጣነው። ደርሶ መልስ 600 ኪሎ ሜትር ነው። አስፋልት ላይ 15 ቢሄድ እንኳ 40 ሊትር፣ 5,200 ብር። የአውቶቡስ ትኬቷ ከዚያ በጣም ያነሰ ነው። ደግሞ የብርድ ልብስ እስር ቪትዝ ውስጥ አይገባም፤ ለጭነት መኪናው ያው ትከፍላለች። በዚያ ላይ ዓባይ በረሃ አለ። ከደጀን እስከ ወንዙ፣ ከወንዙ እስከ ጎሐ ጽዮን፣ ከ1,000 ሜትር በላይ ወርዶ መልሶ መውጣት ነው። ቁልቁለቱ ፍሬኑን ይጨርሳል፣ ዳገቱ የደከመ ራዲያተር ካለ እዚያው ያጋልጠዋል። ከ20 ዓመት በላይ ለሆነው ትንሽ መኪና ይህን መንገድ ሥራ አድርጎ መስጠት አያዋጣም አልኩ። ተስማሙ። አዲስ አበባ ከስሌቱ ወጣ።

ኢንሹራንስ

ሦስተኛ ወገን በሕግ ግዴታ ነው፤ ስቲከሩ መስተዋት ላይ ከሌለ መኪናው ከግቢ አይወጣም። እሱ የሚከፍለው ግን መኪናው ሌላ ሰው ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት ነው። የራስህ መኪና ቢገለበጥ፣ ቢሰረቅ፣ ቢቃጠል ምንም አይሰጥህም። ሙሉ ኢንሹራንስ የሚባለው ነው ለዚያ የሚሆነው። የቤተሰቡ ጥሪት በሙሉ አንድ መኪና ውስጥ ሲገባ በሦስተኛ ወገን ብቻ መሄድ ትልቅ ድፍረት ነው። አበዳሪውም መኪናውን ዋስትና ከያዘ ሙሉውን ማስገባቱ አይቀርም። ሁለቱ አንድ ላይ በዓመት 33,000 ብር ተጠየቁ፤ በወር 2,750። ለቦሎና ለዓመታዊ ምርመራ 250 ጨመርን። 3,000።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚጎዳበትን አንድ ነገር ልንገራችሁ። ሰው ዓረቦን ለማሳነስ የመኪናውን ዋጋ ዝቅ አድርጎ ያስገባል። ወይም የዛሬ ሁለት ዓመት በገባበት ዋጋ ያድሰዋል። ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ የመኪናም የመለዋወጫም ዋጋ ያለበት አልቆመም። 1,450,000 የሚያወጣ መኪና 1,000,000 ተብሎ ከተመዘገበ፣ በውሉ መሠረት ለቀሪው ባለቤቱ ራሱ እንደ ኢንሹራንስ ሰጪ ይቆጠራል። 145,000 ብር የሚያስወጣ ግጭት ቢደርስ ኩባንያው የሚከፍለው ድርሻውን 100,000 ብቻ ነው፤ ከዚያም ላይ የራስ ድርሻ የሚባለውን ይቀንሳል። ብዙዎች ይህን የሚያውቁት አደጋ ከደረሰ በኋላ ነው። ውሉ ሲታደስ በየዓመቱ «መኪናዬ ዛሬ ስንት ያወጣል?» ብሎ መጠየቅና ዋጋውን ማስተካከል ያስፈልጋል። ዓረቦኑም አብሮ ይጨምራል፤ ይህም ከወር ወጪው ይገባል።

ጥገና

ሰው ጥገናን የሚቆጥረው ሲበላሽ ነው። እኔ የምቆጥረው በኪሎ ሜትር ነው። ጎማ የሚያልቀው በቀን አይደለም፤ እያንዳንዱ ኪሎ ሜትር ትንሽ ትንሽ ይቆርጣል።

የማውቀውን መካኒክ ይዤ ዋጋ ጠየቅን። ዘይትና ፊልትሮ 5,000 ብር፣ በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ። ኪሎ ሜትሩ 1 ብር መሆኑ ነው። አራት ጎማ 38,000፤ 40,000 ኪሎ ሜትር ቢቆይ ኪሎ ሜትሩ ወደ 1 ብር ይጠጋል። ለፍሬን፣ ለአሞርዛተር፣ ለኩሽኔታና ኮብልስቶን ለሚፈታው ሁሉ 1 ብር ያዝን። ድምር 3 ብር በኪሎ ሜትር፤ በወር 1,680። ባትሪ 12,000 ነው፣ ሁለት ዓመት ተኩል ቢቆይ በወር 400።

ከዚያ ትልቁ ጥገና አለ። እሱን ለመገመት መኪናውን ማየት ነበረብን። እሑድ ከሰዓት ሻጩ ቤት ስንደርስ መኪናው ተነሥቶ እየሠራ ጠበቀን። መካኒኩ ምንም ሳይናገር መዳፉን ኮፈኑ ላይ አደረገ። «ሞቋል። ነገ ጠዋት ሳይነሣ እንየው» አለ። የሞቀ ሞተር ብዙ ነገር ይደብቃል።

ሰኞ በ12 ሰዓት ተኩል ተመለስን። ሣሩ ላይ ውርጭ አለ። መካኒኩ መጀመሪያ የዘይት ክዳኑን ከፍቶ ከስሩ አየው። ቡና በወተት የመሰለ ነገር ካለ ውኃና ዘይት ተቀላቅሏል፣ የቴስታው ጓርኒሲዮን ሄዷል ማለት ነው። እሱ ደህና ነበር። ከዚያ አስነሣው። ለጥቂት ሰከንድ ሰማያዊ ጭስ ወጣና ጠፋ። «ዘይት ትንሽ ትንሽ ይበላል» አለ። ከዚያ መሬት ላይ ተኝቶ የፊት ቀኝ ጎማውን ከውስጥ በኩል በጣቱ ዳሰሰው። ጣቱን ሲያወጣው ጥቁር ግራሶ ነው። የአክስሉ ጎማ ልባስ ተቀዷል፣ ግራሶው ወደ ቸርኬው ተረጭቷል። ጎማው ደግሞ ከውስጥ በኩል ብቻ ተበልቷል፤ ከውጭ ሲታይ ግን አዲስ ይመስላል። ባለቤቷ ጎንበስ ብሎ አየው። ከዚያ በኋላ የሚያወራው ቀነሰ።

መኪናው መጥፎ አልነበረም። የዕድሜው ነው። መካኒኩ በሦስት ዓመት ውስጥ 60,000 የሚያስወጣ አንድ ነገር ይመጣል ብላችሁ አስቡ አለ። በወር 1,670 ብር ገደማ። ጥገናው ሁሉ ተደምሮ 3,750 ሆነ። ለላቫጆና ለጎሚስታ 550።

እንግዲህ ነዳጅ 6,100፣ ኢንሹራንስና ቦሎ 3,000፣ ጥገና 3,750፣ ትንንሹ 550። ቪትዙ አንድ ብር ዕዳ ሳይኖርበት በወር 13,400 ብር ይበላል። ቤቱ የሚችለው 15,400 ነው። ለዕዳ የሚተርፈው 2,000 ብር ነው፤ የታሰበው የብድር ክፍያ ደግሞ 15,300።

እህቴ ቁጥሮቹን እያየች ብዙ ዝም አለች። «2,000 ብር በወር ስንት ያበድራል?» አለችኝ። በዚያው ወለድና ዘመን 72,000 ብር ገደማ።

ያጠራቀሙት 900,000ም ሁሉም የመኪና አይደለም። ከእሱ 150,000ው ታኅሣሥ ላይ ለጥር ሠርግ ዕቃ የምታመጣበት ነው። እሱ ከተነካ ጥር ላይ የምትሸጠው የላትም። ሌላ 110,000 ያህል የሦስት ወር ወጪ የሚሸፍን፣ ለሕመም ወይም ለሥራ መታጎል ካልሆነ የማይነካ ብር መቀመጥ አለበት። 640,000 ቀረ። መኪና ሲገዛ ደግሞ ከዋጋው በላይ የሚወጣ አለ። የደላላ 2 በመቶ፣ የስም ዝውውሩ፣ ያ የተቀደደ ልባስ፣ ጎማውና የመጀመሪያው ሙሉ ሰርቪስ። 70,000 ገመትን። ስለዚህ የዚህ ቤት የመኪና ዋጋ ጣሪያ፣ 72,000ውን ብድር ጨምሮ፣ 640,000 ብር ገደማ ነው።

ርካሹ መኪና

«ከሆነ ዲኤክስ እንይ» አለ ባለቤቷ። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። አንድ የድሮ ኮሮላ 820,000 ተጠርቶ ነበር። ቢያንስ ለ640,000ው ይቀርባል፤ አንድ ዓመት ቢያጠራቅሙ ብዙ አይቀራቸውም።

ያንኑ ስሌት ሠራን። በሊትር 10 ቢሄድ 56 ሊትር ይጠጣል። በሃይላንድ የሚገዛውን ጨምሮ 8,300። ኢንሹራንሱና ቦሎው 2,000፤ ዋጋው ትንሽ ቢሆንም ለዕድሜው ጭማሪ ጠይቀዋል። ጥገናውን መካኒኩ «ከ6,000 በታች አትያዙ» አለ። ሌላው 800። ድምር 17,100።

ቤቱ የሚችለው 15,400 ነው። በነጻ ቢሰጣቸው እንኳ ዲኤክሱን መያዝ አይችሉም።

ሰው ብር ሲያንሰው ወደ አሮጌ መኪና ነው የሚወርደው። ዋጋ ሲወርድ ግን ወርኃዊው ወጪ አብሮ አይወርድም፤ ከአንድ ቦታ በታች እንዲያውም መልሶ ይወጣል። በዚህ ቤት አንዱን መኪና የዋጋው፣ ሌላውን የወሩ ወጪ ከለከለው። ሁለቱን የሚያልፍ መኪና ገበያው ላይ አላገኘንም። ከውጭ የሚገባው በኤሌክትሪክ የሚሠራ ብቻ እንዲሆን ከተወሰነ ከ2016 ወዲህ እዚህ ያሉት የነዳጅ መኪኖች ዋጋቸው አልወርድ ብሏል።

ባለቤቷ እዚህ ላይ የተናገረው ከሁሉም የሚከብደው መከራከሪያ ነው። «ጋሼ፣ ብሩ ባንክ ውስጥ እየቀለጠ ነው። መኪናው ግን እየጨመረ ነው። ዛሬ ካልገዛን መቼም አንገዛም። ይህንን ምን ይሉታል?»

እውነት አለው። የዛሬ ሦስት ዓመት መኪና የገዛ ሰው በብር ሲቆጠር አልከሰረም። እኔም ብር ባንክ አስቀምጡ ብዬ አልመክርም። ግን መኪናው ዋጋ ሲጨምር የጨመረውን በወሩ አይሰጥህም። ነዳጅ ለመቅዳት የመኪናውን በር ቆርጠህ አትሸጥም። ነሐሴ ላይ ሱቁ 11,000 ሲያተርፍ መኪናው 13,400 ይጠይቃል። ያኔ ሰው ወይ ኢንሹራንሱን ይተዋል፣ ወይ ዘይት ሳይቀይር ይነዳል፣ ወይ ከሱቁ ይነሣል፤ ወይ ደግሞ በችኮላ፣ በደላላ ዋጋ ይሸጣል። ዋጋ የያዘውን መኪና ያኔ ሌላው ነው የሚጠቀምበት። ለሚቀልጠው ብር እህቴ ራሷ መልስ አላት፤ ብርድ ልብስም ዋጋ ይጨምራል፣ ደግሞ አንድ አንድ እየተባለ ይሸጣል። ለመኪና ታስቦ ከነበረው ብር ላይ የተወሰነውን ወደ ዕቃ ቀየረችው።

ወደ እናታችን ተመለስን። የተጀመረው ከእሷ ነውና። የሚያስፈልጋት በወር አንድ ቀን ከደምበጫ በምቾት መጥታ መመለስ ነው። ደብረ ማርቆስ ውስጥ ንጹሕ መኪና ያለው፣ ዕድሜው ገፋ ያለ ሹፌር አገኘን። ቀኑን ሙሉ ኮንትራት 4,000 ብር። ከ11,400ው ላይ ሲነሣ 7,400 ይቀራል። ለቪትዙ ከሚወጣው 13,400 ጋር ላወዳድረው አልፈለግሁም፤ እህቴ ራሷ አወዳደረችው።

ቪትዙ በዚያው ሳምንት ለሌላ ሰው ተሸጠ። ባለቤቷ ቅር ብሎት ነበር፣ አልደበቀውም። አንድ ነገር ጠየቅኳቸው። መኪና ገዝታችኋል ብላችሁ አስቡና ከወጪ የሚተርፈውን ሁሉ በየወሩ ለብቻው ሒሳብ አስገቡ። ታኅሣሥ 11,400 ገባ። ጥር ላይ ሠርግ ስለነበር 16,000 ገባ። የካቲት ላይ ዐቢይ ጾም ያዘ፣ ሠርግ ቆመ፤ 3,200 ብቻ ገባ። የሦስቱ ወር አማካይ 10,200 ነው። ከገመትነው በ1,200 ያንሳል፤ የ30,000 ብር ወጪያችን ላይ የዘነጋነው ነገር እንዳለ ያሳያል። እህቴ እየፈለገችው ነው።

መጋቢት ላይ እናታችን በኮንትራቱ መኪና መጣች። ጋቢና ተቀምጣ፣ ወንበሩ ወደ ኋላ ተገፍቶላት፣ እግሯን ዘርግታ። ስትወርድ የያዛት አንድ ሰው ነው፤ እሱም ከዘራዋን ለማቀበል ነበር።

የመኪናው ነገር አልተዘጋም። ባለቤቷ ደላላው በደወለ ቁጥር ዋጋውን ሳይሆን የሞተሩን መጠንና ሞተሩ ሳይሞቅ መቼ ሊታይ እንደሚችል ይጠይቃል። የተስማሙት ክረምቱን ሳያዩ ላለመወሰን ነው። ደብተሩ ላይ ሐምሌና ነሐሴ ብላ እህቴ ሁለት ገጽ ቀድማ አስምራለች፤ ገና አልተጻፈባቸውም።